«ዋጋ በኢንቦክስ»ን ያነሳችው ዲዛይነር፦ የአንድ ባዮና የአንድ ፒን የተደረገ ፖስት ጉዳይ

ባለጉዳዩዋ አዲስ አበባ ውስጥ ለብቻዋ የምትሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ስሟ እንዲቀር ስለጠየቀች ሥራዋን እንጂ ማንነቷን የሚጠቁም ነገር እዚህ አላስገባሁም። የቴሌግራም ቻናል አላት፣ ኢንስታግራም አላት፣ ቲክቶክ ላይም አልፎ አልፎ ቪዲዮ ትለቃለች። እጇ ጥሩ ነው። መልእክትም ይገባላታል። ችግሩ፣ ከሚገባው መልእክት ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀየረው በጣም ትንሽ መሆኑ ነበር። የሚከፍሏት ደንበኞች በሙሉ ማለት ይቻላል በሰው በሰው የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ባዮዋን ትንሽ እንዳሳምርላት ብቻ ነበር። ባዮው ይህን ይመስል ነበር፦

«ክሬቲቭ ግራፊክ ዲዛይነር። ሎጎ | ፍላየር | ባነር | ማሸጊያ | የሰርግ ካርድ | ቲሸርት | ቪዲዮ ኤዲቲንግ። ጥራት መለያችን ነው! ለበለጠ መረጃ በኢንቦክስ ያናግሩን።»

ቻናሏ ላይ ፒን የተደረገው ደግሞ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ካርድ ነበር። ኅዳር ላይ። አደይ አበባው በጣም ያምራል፣ ግን ካርዱን አይቶ ሥራ የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

መጀመሪያ የተነበበው ኢንቦክሱ ነው

ባዮውን ከመንካታችን በፊት የቴሌግራም መልእክቶቿን ወደ ኋላ ሄደን አየን። ብዙ ሰው ባዮ ሲጽፍ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን የተሻለው መነሻ ደንበኛው የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ነው ባይ ነኝ። ምን ፈልጎ እንደመጣ፣ ምን እንዳልገባው፣ የት ላይ እንደጠፋ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

የእሷ መልእክቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ሰላም፣ ሎጎ ስንት ነው?» ይላል። እሷ «እንደ ሥራው ይለያያል፣ ምን ዓይነት ነው የፈለጉት?» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ ዝም። ሰውየው አይመለስም። እሷ እነዚህን ሰዎች «ገንዘብ የሌላቸው» ትላቸው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። በጀት ያለውም ሰው ቢሆን የሚጠይቀው መጀመሪያ ዋጋ ነው። መልሱን በጥያቄ ሲመልሱለት፣ ፊቱን አይተው ዋጋ ሊጠሩበት ያሰቡ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ወገን አነስተኛ ነው። መልእክቱ የሚጀምረው «እገሊት ናት የላከችኝ» በሚል ነው፤ ቀጥሎ ፎቶ ይመጣል። የባዶ ከረጢት፣ የላስቲክ ማሰሮ ወይም እቤት የታተመ ስቲከር የተለጠፈበት ጠርሙስ ፎቶ። እነዚህ ናቸው የከፈሏት። አንድ በአንድ ስናያቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና እና ማር የሚያሽጉ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከቤት ወይም ከትንሽ ወፍጮ ቤት ጀምረው ምርታቸውን ወደ ሱፐርማርኬት ለማስገባት የተዘጋጁ ናቸው።

እሷ ግን ይህን አላየችውም ነበር። ማሸጊያ በባዮዋ ላይ ከሰባቱ ሥራዎች አንዱ ነው፣ ያውም ከባነር ቀጥሎ የተጻፈ።

«ማሸጊያ ብቻ ካልኩ የሰርግ ካርድ የሚያሠራኝስ?» አለች። ተገቢ ስጋት ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በሙያ ንጽሕና አይደለም። ግን የሰርግ ካርድ የሚያሠሯት ዘመዶቿ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞቿና የእነሱ ጓደኞች ናቸው። ባዮዋን አንብቦ የመጣ አንድም የለም። እነሱ ስልኳን ስለሚያውቁት መምጣታቸው አይቀርም። ባዮው የሚጻፈው ለማያውቃት ሰው ነው። የማያውቃት ሰው ደግሞ ሰባት ሥራ የተደረደረበት ባዮ ሲያይ ሰባቱንም በመጠኑ የምትሞካክር ሰው አድርጎ ይወስዳታል።

ባዮው

እያንዳንዱ መድረክ የራሱ ጠባብ በር አለው። ኢንስታግራም ለባዮ 150 ፊደል ይሰጣል። ቲክቶክ 80። የቴሌግራም ቻናል መግለጫ 255 ድረስ ይይዛል፤ በግል አካውንት ያለው ባዮ ግን ፕሪሚየም ላልገዛ ሰው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም ይቆጠራል። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ያግዘናል። አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በላቲን ፊደል ተጨናንቆ የሚያልቀው ቦታ በአማርኛ ሲጻፍ ሰፋ ይላል።

ለኢንስታግራም የደረስንበት ይህ ነው፦

«የምግብ ማሸጊያና ሌብል ዲዛይን
በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ማር ለሚያሽጉ አነስተኛ አምራቾች
እስከ ማተሚያ ቤት አብሬ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ
ዋጋና አሠራር፦ ፒን የተደረገው ፖስት ላይ»

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 112 ፊደል ያህል ነው። የተረፈውን ሆን ብለን አልሞላነውም።

የመጀመሪያው መስመር ሥራውን በተራ ስሙ ይጠራል። «ክሬቲቭ» የሚለው ወጣ። ራሱን ክሬቲቭ አይደለሁም የሚል ዲዛይነር ስለሌለ ቃሉ ማንንም ከማንም አይለይም። «ጥራት መለያችን ነው»ም በዚሁ ምክንያት ሄደ። «መለያችን» የሚለው ብዙ ቁጥር ራሱ ትንሽ ችግር ነበረበት። ብቻዋን የምትሠራ ሰው «እኛ» ስትል ደንበኛው ቢሮ ይጠብቃል፣ ስልክ የሚያነሳ ሌላ ሰው ይጠብቃል። በኋላ እሷ ብቻ መሆኗን ሲያውቅ የተታለለ ያህል ይሰማዋል። አነስተኛ አምራች ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር በቀጥታ መነጋገርን ብዙ ጊዜ ይመርጣል።

ሁለተኛው መስመር ላይ ምግቦቹን በስም የጠራነው በርበሬ የምታሽግ ሴት «በርበሬ» የሚለውን ስታይ እንድትቆም ነው። «ለኢንዱስትሪውና ለንግዱ ማኅበረሰብ» ቢባል አታየውም፤ ራሷን በዚያ ስም አትጠራምና።

ሦስተኛው መስመር ላይ ብዙ ተከራከርን። እሷ የፈለገችው «ለህትመት ዝግጁ ፋይል» የሚል ነበር። ይህ ለዲዛይነር ትልቅ ነገር ነው። ለደንበኛዋ ግን ፋይል ማለት ምንም ማለት አይደለም። ደንበኛዋ የምትፈራው ማተሚያ ቤት ሄዳ «ፎንቱ የለንም»፣ «ወደ ከርቭ አልተቀየረም»፣ «መቁረጫው ላይ የሚተርፍ ቀለም አልተጨመረበትም» ተብላ መመለስን ነው። የአማርኛ ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይተካል ወይም ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል። ማተሚያ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል። ስለዚህ «አብሬ እሄዳለሁ» አልን። ይህ ቃል ግዴታ ስለሚያመጣ ከመጻፉ በፊት በእርግጥ ትሄዳለች ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ድሮም ትሄዳለች፤ ጽፋው ግን አታውቅም።

ከባዮው በላይ ያለው የስም ቦታም ተለወጠ። ኢንስታግራም ሰው ሲፈለግ ይህን ቦታ ያያል። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በአማርኛ እያሰበም ሲፈልግ በላቲን ይጽፋል። ስለዚህ እዚያ ላይ ከስሟ ቀጥሎ `Packaging Design` ገባ፤ ባዮው ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ። ለቴሌግራም የግል ባዮዋ የሚከተለው በቃ፦ «የምግብ ማሸጊያና ሌብል ዲዛይን። ሥራዎቼና ዋጋዬ ቻናሉ ላይ ናቸው።» ከጎኑ የቻናሉ አድራሻ ይገባል፣ አበቃ።

ዋጋው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ

ባዮው በአንድ ቁጭታ አለቀ። ፒን የተደረገው ፖስት ግን ሲጻፍና ሲፈርስ ቆየ። ዋናው ጭቅጭቅ የዋጋው ነገር ነው።

በእኛ አገር የኦንላይን ገበያ «ዋጋ በኢንቦክስ» ልማድ ሆኗል። ምክንያት አለው። ተፎካካሪ ዋጋህን አይቶ ያወርዳል፤ የህትመትና የቁሳቁስ ዋጋ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ይችላል። እሷም እነዚህን ሁሉ አነሳች። ለሸቀጥ ይህ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ለዲዛይን ግን ጉዳቱ ያመዝናል። የጫማ ገዢ ጫማውን አይቶታልና ዋጋውን ለመስማት ይታገሳል። ዲዛይን የሚያሠራ ሰው ገና ያልተሠራ ነገር ነው የሚገዛው። ዋጋውንም ካላወቀ በእጁ የሚይዘው ምንም የለም።

የተስማማነው መነሻ ዋጋ ይጻፍ፣ ግን ምን ምን እንደሚጨምር ሳይነገር ብቻውን አይጻፍ በሚለው ነው። «ከ15,000 ብር ጀምሮ» ብቻውን ከቆመ ከሌላ ሰው 5,000 ብር ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ሐሳብ፣ ሁለት ዙር ማስተካከያና የህትመት ፋይል አብሮ ከተጻፈ ግን አንባቢው ሌላውንም ሰው «አንተስ ስንት ጊዜ ታስተካክላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ የእሷ ዋጋ ነው፤ የገበያው ዋጋ ይህ ነው ለማለት አይደለም።

ሙሉው ጽሑፍ ይኸው፦

«በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ወይም ማር አሽገው ሱቅ ሊያስገቡ ነው? ሌብሉንና ማሸጊያውን እሠራልዎታለሁ።

ፎቶው ላይ ያለው የበርበሬ ከረጢት ታትሞ ገበያ ላይ የዋለ ነው። ባለቤቷ ቀድሞ በነጭ ስቲከር ነበር የምትሸጠው። ወደ ሱፐርማርኬት ስትገባ የይዘት ዝርዝር፣ ባርኮድና የቀን ማህተም የሚመታበት ቦታ አስፈለጋት። ፊቱንም ጀርባውንም እንደ አዲስ ሠራነው።

የአንድ ምርት ሌብል ከ15,000 ብር ይጀምራል። ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች አቀርባለሁ። በመረጡት ላይ ሁለት ዙር ማስተካከያ አለ። መጨረሻ ላይ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፋይል ይረከባሉ። የህትመት ዋጋ በዚህ ውስጥ የለም።

ግማሹ ሲጀመር ይከፈላል፤ ቀሪው የመጨረሻውን ፋይል ከመረከብዎ በፊት። በቴሌብርም በባንክም ይቻላል። ቀብዱና መረጃው ከተሟላ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች በ7 የሥራ ቀናት ይደርስዎታል።

ለመጀመር ይህን ይላኩልኝ፦ የምርቱን ስም፣ የባዶ ማሸጊያውን ፎቶ፣ የተጣራ ክብደቱን፣ የት እንደሚሸጥና መቼ እንደሚያስፈልግዎት።

ፈቃድ ማውጣትና ባርኮድ ማስመዝገብ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ከዚህ በታች ስሟ፣ «አዲስ አበባ» የሚለው፣ የቴሌግራም አድራሻዋና ስልክ ቁጥሯ ይገባል። ስልኩ አጠገብ የሚነሳበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ስልኩን ከፖስቱ ልትሰርዘው ፈልጋ ነበር፣ ሌሊት የሚደውል ሰው አስመርሯት። ግን የወፍጮ ቤት ባለቤቶችና በዕድሜ ገፋ ያሉ አምራቾች መጻፍ አይወዱም፤ ደውለው ድምጽ መስማት ይፈልጋሉ። ሰዓቱ ሲጻፍ የሌሊቱ ጥሪ ቀነሰ። ጨርሶ አልጠፋም።

ርዝመቱ የዘፈቀደ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ የሌለው መልእክት እስከ 4,096 ፊደል ይይዛል፤ ፎቶ ከተያያዘበት ግን ከሥሩ የሚጻፈው በተለመደው አካውንት ከ1,024 አይበልጥም። እሷ ያለ ፎቶ ፖስት ማድረግ አትችልም፤ ሥራዋ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ከአድራሻው ጋር ከ1,024 በታች እንዲሆን ተደረገ። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ የፖስቱ ጽሑፍ 2,200 ፊደል ድረስ ቢፈቀድም፣ ሳይነካ የሚታየው የመጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቴሌግራምም ከላይ የሚቆመው የፒን መስመር የሚያሳየው መነሻውን ብቻ ነው። ቀድሞ ያረቀቅነው ጽሑፍ «ሰላም ውድ ቤተሰቦች፣ እንኳን ወደ ቻናሌ በደህና መጣችሁ» ብሎ ይጀምር ነበር። መስመሩ ላይ የሚታየው ያ ሰላምታ ብቻ ነበር። አሁን የሚታየው «በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ወይም ማር አሽገው…» የሚለው ነው።

«እርስዎ» የተባለው ደንበኞቿ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ስለሚበልጧት ነው። ቲክቶክ ላይ በ«አንቺ» ትናገራለች፤ እዚያ ያምርባታል። ገንዘብና ውል ያለበት ጽሑፍ ላይ ግን ወደ እርስዎ ይመለሳል።

ፎቶው

ከጽሑፉ ያላነሰ ያስቸገረን ፎቶው ነው። የነበሯት ምስሎች ሞክአፕ ናቸው። ዲዛይኑ በኮምፒውተር የሚያብረቀርቅ ከረጢት ላይ ተለጥፎ፣ ከጀርባው ግራጫ ጥላ ያለበት። እነዚህ ምስሎች ለዲዛይነሮች ይማርካሉ። አምራች ግን ከረጢቱን በእጁ ነክቶ ስለሚያውቅ የእውነት አለመሆኑን ቶሎ ይለየዋል። ወይም ደግሞ አይለየውም፣ «ይህንኑ የሚያብረቀርቀውን ነው የምፈልገው» ብሎ ይመጣል። የኋለኛው ይብሳል።

የአንዷን ደንበኛ ፈቃድ ጠይቃ የታተመውን ከረጢት በመስኮት ብርሃን አነሳችው። ፊቱ አንድ ፎቶ፣ ጀርባው ሌላ። የጀርባው ፎቶ እንዲገባ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ፊቱን ማንም ያሳምራል። ጀርባው ላይ ነው ሙያው የሚታየው። የይዘት ዝርዝሩ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና ቀኖቹ በትንሽ ቦታ ላይ ሳይጨናነቁ ተቀምጠዋል። የቀን ማህተሙ የሚመታበት ቦታ ደግሞ ባዶና ቫርኒሽ ያልተቀባ ነው፤ ቫርኒሽ ከተቀባበት ቀለሙ አይዝም፣ በጣት ሲነካ ይላቀቃል።

አንድ ነገር ደግሞ የራሱ ፖስት ሆኖ ከመግቢያው ቀጥሎ ፒን ተደረገ። ያች ደንበኛ የበርበሬ ማሸጊያዋ ሁሉ ነገሩ ቀይ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ የባርኮዱ መስመሮች ጭምር። ብዙዎቹ ስካነሮች የሚጠቀሙት ቀይ ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ሥር ቀይ መስመር ከነጭ መደብ አይለይም፣ ስካነሩ ምንም አያነብም። ገንዘብ ተቀባዩ ቁጥሩን በእጁ ይተይባል፣ ሱቁም ያማርራል። ዲዛይነሯ ይህን አስቀድማ አስረድታ መስመሮቹን ጥቁር አደረገቻቸው። ከነፎቶው አምስት ስድስት መስመር ብቻ ነው፣ ግን «የ8 ዓመት ልምድ አለኝ» ከሚለው ይልቅ ያሳምናል። የምታሽግ ሴት ስታነበው «ይህቺ ልጅ ከኪሳራ ታድነኛለች» ትላለች። ኢንስታግራምም እስከ ሦስት ፖስት ፒን ማድረግ ስለሚፈቅድ እዚያም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከቻናሉ ወጥቶ ሲሄድ

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ያየነው ነገር አንድ ነበር፣ እኔም ቀድሜ በደንብ አላሰብኩበትም። ፖስቱን አብዛኞቹ አዳዲስ ሰዎች ያነበቡት ቻናሉ ውስጥ ገብተው አይደለም። የቀድሞ ደንበኞቿ ናቸው ፎርዋርድ ያደረጉላቸው። «ማሸጊያ የምትሠራ ልጅ አለች ብዬሽ አልነበር? ይኸውልሽ።» ድሮ የሚላከው ስልክ ቁጥሯ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ የደረሰው ሰው ደውሎ ከባዶ ይጀምራል። አሁን የሚላከው ዋጋውም አሠራሩም ያለበት ሙሉ ጽሑፍ ነው። በሰው በሰው የሚመጣው ሥራ አልቀረም፤ መልእክተኛው ይዞት የሚሄደው ወረቀት ተገኘለት።

ስሟና አድራሻዋ ጽሑፉ ውስጥ መግባታቸው የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ፎርዋርድ ሲደረግ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ የላከ ሰው ግን ያንን ይቆርጠዋል፤ ዋትስአፕ ወይም ቫይበር ላይ የለጠፈም እንዲሁ። ከመጨረሻው መስመር ላይ ያለው አድራሻ ግን አብሮ ይጓዛል። «ባዮዬ ላይ ያለውን ሊንክ ይጫኑ» ብሎ የሚጨርስ ፖስት ከቤቱ እንደወጣ ይጠፋል።

ከዋሽንግተን አካባቢም አንድ መልእክት በዚህ መንገድ መጣ። አዲስ አበባ የምታሳሽገውን በርበሬ አሜሪካ ለሚገኙ የሐበሻ ሱቆች የምታስገባ ሴት ናት። ጥያቄዋ ፖስቱ ያላሰበውን ክፍተት አሳየ። የአሜሪካ የምግብ ሌብል ሕግ ሌላ ነው፤ የንጥረ ነገር ሠንጠረዡ ራሱ የተወሰነ ቅርጽ አለው። ዲዛይነሯ ሠንጠረዡን መሳል ትችላለች፣ በውስጡ የሚገቡትን ቁጥሮች ግን ማወቅ አትችልም። ሥራውን ተቀበለች፣ ቁጥሮቹን ደንበኛዋ እንድታቀርብ ተስማምተው። ፖስቱ ላይም «ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሸጥ ከሆነ የትኛው አገር እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ» የሚል ተጨመረ። ከስልክ ሰዓቱ አጠገብ ደግሞ «በአዲስ አበባ ሰዓት» ተባለ።

የተንገዳገደው

መነሻ ዋጋው ወዲያው አንድ ችግር አመጣ። አንድ አምራች በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ይዞ መጣና በ15,000 ብር ሦስቱንም ጠበቀ። «የአንድ ምርት ሌብል» የሚለውን «የአንድ ድርጅት» ብሎ ነው ያነበበው። ክፋት አልነበረውም፤ ለእሱ ሦስቱም አንድ ዲዛይን ናቸው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለወጠው። እሷ ደግሞ ለየአንዳንዱ የይዘት ዝርዝር፣ ቀለምና ባርኮድ መቀየር እንዳለባት ታውቃለች። ተነጋግረው ተስማሙ። ጽሑፉ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፦ «በዚያው ዲዛይን ለሚቀጥል ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ምርት 4,000 ብር።» ይህ ሳይታሰብ ጥሩ ሆነ። አንድ ምርት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሁለተኛውን ማንሳት ጀመሩ።

«ሁለት ዙር ማስተካከያ» የሚለውም ያልገባው ሰው ነበር። ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ አንድ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ የሎጎው መጠን እያለ በየቀኑ ድምጽ ይልካል። ዙር ማለት ሐሳብ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ የሚላክበት መሆኑን ፖስቱ አይናገርም፤ ቢናገር ይረዝማል። ይህን እዚያ አላስገባነውም። ቀብድ ሲከፈል የምትልከው አጭር የስምምነት መልእክት ውስጥ ገባ። ፒን የተደረገ ፖስት ውል አይደለም፤ ሁሉንም ክርክር እዚያ ልጨርስ ካሉ የሚያነበው አይገኝም።

ያልተስማማንበትም አለ። እኔ «ባነርና የሰርግ ካርድ አልሠራም» የሚል መስመር እንዲገባ ፈልጌ ነበር፤ ጊዜዋን ይቆጥብላታል ብዬ። እሷ «ሰው ያስከፋል» ብላ አወጣችው። ምናልባት ልክ ናት። ባዮው ማሸጊያ ብቻ ከሆነ ወዲህ የሰርግ ካርድ የሚጠይቅ የማታውቀው ሰው ብዙም አልመጣም።

በምን ይታወቃል

ለውጡን በተከታይ ቁጥር ለመለካት ፈልጋ ነበር። ተከታዩ ብዙም አልጨመረም፣ አይጨምርምም። ባዮና ፒን የተደረገ ፖስት የመጣውን ሰው ይይዛሉ እንጂ ሰው አይጠሩም። ሰው የሚጠራው ታትሞ ሱቅ የተደረደረው ከረጢት፣ ፎርዋርድ የሚያደርገው ደንበኛና በየጊዜው የምትለቀው ሥራ ነው።

የሚለካው የመጀመሪያው መልእክት ነው። ቀድሞ «ስንት ነው?» ይል የነበረው አሁን ብዙ ጊዜ የከረጢት ፎቶ፣ «500 ግራም»፣ «ለገና ይደርሳል ወይ?» ይዞ ይመጣል። ይህ ሰው ፖስቱን አንብቧል፤ ዋጋውን አውቆ ነው የጻፈው። ዋጋው የከበደው ደግሞ ሳይጽፍ ይሄዳል። ስለዚህ ጠቅላላ የመልእክቱ ብዛት ቀንሷል። መጀመሪያ ላይ አስደንግጧት «ዋጋውን እናውጣው» ብላ ደውላልኝ ነበር። መልእክቶቹን አብረን እስክንቆጥር ድረስ አልረጋችም፤ ከመጡት ውስጥ ቀብድ የሚከፍለው ድርሻ ግን ከድሮው በግልጽ ከፍ ብሏል።

ፎቶ ልከው ነገር ግን የት እንደሚሸጥ የማይናገሩ አሁንም አሉ። ለእነሱ የምትልከው አጭር መልስ ስልኳ ላይ ተቀምጧል፦ «ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በሱቅ ነው ወይስ በትእዛዝ የሚሸጡት? ሱቅ ከሆነ ባርኮድ አለዎት?» ቀጥላ ዋጋውን አትደግምም። የህትመት ነገር ሲወደድ ወይም የእሷ ጊዜ ሲጣበብ ፖስቱን ታድሰዋለች፤ ዋጋው መቼ እንደተሻሻለም ወሩን ከሥሩ ትጽፋለች፣ የዓምናውን ፎርዋርድ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይከራከራት።